ቁጠባው ሳያልቅብን በወር ስንት እናውጣ?

ጥያቄ፦ እኔ 65፣ ባለቤቴ 67 ዓመታችን ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሁለታችንም ሥራ አቁመናል። ሶሻል ሴኩሪቲ የእሱ 1,950፣ የእኔ 1,250 ዶላር በየወሩ እጃችን ይገባል። ወጪያችን ግን ወደ 4,900 ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 400 አገር ቤት የምንልከው ነው፤ 200 ደግሞ ለጉዞና ለድግስ የምናስቀምጠው። የቤቱ ዕዳ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። 401ኬ ላይ ያጠራቀምነው 360,000 ዶላር ነው፤ ወረቀቱ «ስቶክ ፈንድ» ይላል። ባለቤቴ «ገበያው በአማካይ አሥር በመቶ ያመጣል፣ ስምንት በመቶ ብናወጣ ዋናው አይነካም» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደግሞ «ከአራት በመቶ እንዳታልፉ» አለችኝ። ማንን ልስማ? በወር ስንት ብናወጣ ነው እስከ መጨረሻው የሚያደርሰን?
— ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገርዎት፤ ምክንያቱ ይከተላል። ስምንቱን እርሱት። አራቱ ደግሞ መጥፎ ምክር ባይሆንም ለእናንተ ቤት ትንሽ ጠበቅ ይላል። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን በአምስት በመቶ እጀምር ነበር። ይህ በዓመት 18,000፣ በወር 1,500 ዶላር ነው። ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ መደረግ አለበት። ገንዘቡ የተቀመጠበት መንገድ ይስተካከል። ገበያው ሲወድቅ ደግሞ ወርሃዊውን በምን ያህል እንደምትቀንሱ ዛሬ፣ ሁሉም ሰላም በሆነበት ቀን፣ ተስማምታችሁ ጻፉት።

ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ብዙ ወንዶቻችን በየቡና ቤቱ የሚሉት ነውና። አማካዩን አልተሳሳቱም። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በረጅም ዘመን ሲታይ በዓመት ወደ አሥር በመቶ አምጥቷል። ችግሩ አማካይ ደመወዝ አለመሆኑ ነው። አንድ ዓመት 28 ይሰጣል፣ ሌላ ዓመት 22 ይወስዳል። እየሠሩ በየወሩ ሲያስገቡ ቅደም ተከተሉ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። እንዲያውም ሲረክስ ብዙ ይገዙ ነበር። ማውጣት ሲጀምሩ ግን ዋናው ጥያቄ መጥፎዎቹ ዓመታት መቼ ይመጣሉ የሚለው ይሆናል። በ85 ዓመትዎ ቢመጡ ብዙ አይጎዱም። ጡረታ በወጡ ማግስት ቢመጡ ሌላ ታሪክ ነው።

ይህን በእናንተው ገንዘብ እንየው። በ2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጡረታ የወጣችሁ ናችሁ እንበል። 360,000 ዶላሩ በሙሉ የ500ዎቹን ትልልቅ ኩባንያዎች ገበያ በሚከተል ፈንድ ተቀምጧል። በባለቤትዎ ስሌት በየዓመቱ መጀመሪያ 28,800 ታወጣላችሁ። ገበያው በ2000 በ9 በመቶ፣ በ2001 በ12 በመቶ፣ በ2002 በ22 በመቶ ወረደ። ሦስት ዓመት አለፈና ሂሳቡን ከፈታችሁት። የቀረው 164,000 ዶላር አካባቢ ነው። ያወጣችሁት 86,400 ብቻ ነበር፤ ቀሪውን የወሰደው ገበያው ነው።

አሁን ባለቤትዎ «ይመለሳል» ይላሉ። ተመልሷልም። በ2003 ገበያው ከ28 በመቶ በላይ ዘለለ። ግን እናንተ ያን ዓመት መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዳችሁ 28,800 አውጥታችኋል። የቀረው 135,000 ነው የዘለለው። ዓመቱ ሲያልቅ 174,000 ላይ ናችሁ። እንዲህ ያለ የደስታ ዓመት አልፎ ሂሳባችሁ ላይ የጨመረው አሥር ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ 28,800 ማለት ከቀረው ላይ 16 በመቶ መቁረጥ ነው። ምንም ዓይነት ገበያ ይህን አይሸከምም። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው «ገበያው ስንት ያመጣል?» አይደለም። «መጀመሪያዎቹ አምስትና አሥር ዓመታት ቢከፉብን ስንት ብናወጣ እንተርፋለን?» ነው።

የጓደኛዎ አራት በመቶ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ዊልያም ቤንገን የሚባል የካሊፎርኒያ የፋይናንስ አማካሪ በ1994 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ ገበያ ታሪክ ወሰደና «በዚህ ዓመት ጡረታ የወጣ ሰውስ? በሚቀጥለውስ?» እያለ አንድ በአንድ ፈተነው። ከሁሉም የከፋው ዕጣ የ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡት ሰዎች ነበር። ቀጥሎ የመጣው የ1973 እና የ1974 የገበያ ውድቀትና የ70ዎቹ የዋጋ ንረት አንድ ላይ መታቸው። እነሱ እንኳ በ4 በመቶ ቢጀምሩ ገንዘባቸው 30 ዓመት ይደርስ ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ነው የመጣው። የከፋውን የሚያሳልፍ ቁጥር እንጂ የተለመደው አይደለም። በአብዛኞቹ መነሻ ዓመታት በ4 በመቶ የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ ከጀመረበት የበለጠ ገንዘብ ይዞ ነው የተገኘው። ቤንገን ራሱም ተጨማሪ ዓይነት አክሲዮኖችን አስገብቶ ከሠራ በኋላ በ2025 ቁጥሩን ወደ 4.7 ከፍ አድርጎታል።

ግን ደንቡ በአፍ ሲተላለፍ ግማሹ ይጠፋል። ብዙ ሰው በየዓመቱ ካለው ሂሳብ ላይ አራት በመቶ መቁረጥ ይመስለዋል። አይደለም። አራት በመቶው የሚሰላው አንዴ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። በእናንተ ሂሳብ 14,400 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ያንኑ ገንዘብ በዋጋ ንረቱ ልክ እየጨመሩ ይቀጥላሉ። ኑሮ በ3 በመቶ ከተወደደ ሁለተኛው ዓመት 14,832 ይሆናል። ሌላው የሚረሳው ነገር ገንዘቡ በምን ተቀምጦ እንደሆነ ነው። ቤንገን የሚለው ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛው አክሲዮን፣ ቀሪው ቦንድ ሲሆን ነው። መቶ በመቶ ስቶክ ፈንድ ያለውም ሆነ ሁሉን ባንክ ያስቀመጠው ሰው በዚህ ደንብ ሊምል አይችልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሌቱ ውስጥ ግብርም የአስተዳደር ክፍያም የለም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ወገኖቻችንን የሚጎዳው ነውና ትንሽ ልቆይበት። ገንዘባችሁን የሚያስተዳድር ሰው በዓመት አንድ በመቶ የሚወስድ ከሆነ አንድ በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። በእናንተ ሂሳብ ግን 3,600 ዶላር ነው። በወር 300። አገር ቤት ከምትልኩት ብዙም አያንስም። 4 በመቶ እያወጣችሁ ከሆነ ከቁጠባው የምታወጡትን ሩብ ያህል ለእሱ ሰጣችሁ ማለት ነው። ገበያውን የሚከተሉ ርካሽ ኢንዴክስ ፈንዶች ግን የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም የሚያስከፍሉት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስልክ መደወል ነው። 401ኬውን ወደ ያዘው ድርጅት ይደውሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ቢፈልጉ ይጠይቁ። የፈንዱ ዓመታዊ ክፍያ ስንት በመቶ ነው? ምን ያህሉ አክሲዮን፣ ምን ያህሉ ቦንድ ነው? በየወሩ በራሱ ወደ ባንካችን የሚገባ ክፍያ ማዘዝ ይቻላል? እነዚህን ይጠይቁ፣ መልሱን ይጻፉ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት። ወጪ 4,900፣ ሶሻል ሴኩሪቲ 3,200። ከቁጠባው መምጣት ያለበት 1,700 ነው። በዓመት 20,400፣ ከ360,000 ላይ 5.7 በመቶ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «አይቻልም» ይላል። እኔ ግን ደብዳቤዎ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አየሁ። የወጪውን ዓይነት ለይተው ጽፈዋል። ከ1,700ው ውስጥ 600 የሚሆነው የአገር ቤቱ፣ የጉዞውና የድግሱ ነው። ይህ ገንዘብ አስፈላጊ አይደለም ማለቴ አይደለም። ወንድምና እናት ናቸውና። ግን መብራት፣ መድኃኒትና የቤት ዕዳ እንደሚከፈለው በየወሩ ሳይጓደል መከፈል የለበትም። በክፉ ዓመት 400ው 250 ሊሆን ይችላል። ግድ የሚለው እንግዲህ 1,100 ነው። በዓመት 13,200፣ ከቁጠባው 3.7 በመቶ። ይህ ከጓደኛዎ አራት በመቶ በታች ነው!

ለዚህ ነው አራት ጠበቅ ይላል፣ አምስት ይቻላል ያልኩት። የአራት በመቶው ደንብ የተሠራው ምንም ቢመጣ ወጪውን ለማይቀንስ ሰው ነው። ሲከፋ ለመቀነስ የተዘጋጀ ሰው ከፍ ብሎ መጀመር ይችላል። እናንተም የምትቀንሱት አላችሁ። ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ የቤቱ ዕዳ ያልቅና ወጪያችሁ በአንዴ ይቀላል።

ከፍ ብሎ መጀመሩ ግን ደንብ ይፈልጋል። ጆናታን ጋይተንና ዊልያም ክሊንገር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2006 ያወጡት አሠራር አለ፤ እኔ ቀለል አድርጌ በጣሪያና በወለል እነግርዎታለሁ። በዓመት አንዴ፣ ዲሴምበር 31 ላይ ያለውን ጠቅላላ ሂሳብ ያያሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከቁጠባው የምታወጡትን ለዚያ ያካፍላሉ። የጀመራችሁት በ5 ነው። ውጤቱ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ ጣሪያውን ነክታችኋልና ወርሃዊውን በአሥር በመቶ ትቀንሳላችሁ። ከ4 በታች ከወረደ ገንዘባችሁ ከምታወጡት ፈጥኖ አድጓልና በአሥር በመቶ ትጨምራላችሁ። በመካከል ከሆነ የዋጋ ንረቱን ብቻ ትጨምራላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ገንዘቡ በዓመቱ ከስሮ ከሆነና ስሌቱ ከ5 በላይ ከመጣ የዚያን ዓመት የዋጋ ንረት ጭማሪ ትዘላላችሁ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ይህንኑ እዚያው ክፉ ዘመን ውስጥ እናስገባውና እንፈትነው። መነሻው 2000 ነው። አሁን ግን ግማሹ አክሲዮን፣ ግማሹ ቦንድ ነው፤ ዓመት ባለቀ ቁጥርም ወደ እኩል ይመለሳል። 18,000 አወጣችሁ። የዋጋ ንረቱን ለጊዜው እንተወው። የአሜሪካ ቦንድ በነዚያ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ከ8 እስከ 11 በመቶ ገደማ አምጥቶ ነበርና የአክሲዮኑን ቁስል አለሳለሰው። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ 346,000 አካባቢ፣ ሁለተኛው ሲያልቅ 322,000፣ ሦስተኛው ሲያልቅ 286,000 ይቀራል። 18,000ን ለ286,000 ሲያካፍሉ 6.3 በመቶ ይመጣል። ጣሪያው ተነካ። ስለዚህ ለ2003 ወርሃዊው ከ1,500 ወደ 1,350 ይወርዳል። ያቺ 150 ዶላር ከ600ው ላይ ነው የምትነሳው። መብራቱም መድኃኒቱም አልተነካም። 2003 መልካም ሆነና ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡ 314,000 አካባቢ ይደርሳል። ከስምንት በመቶው መንገድ ጋር ያስተያዩት። ያኛው በዚሁ ቀን 174,000 ላይ ነበር።

ደንቡ እንከን የለውም አልልም። ክፉ ዓመታት ቢደራረቡ ቅነሳውም ይደራረባል። 1,500 አንዴ ሲቀነስ 1,350፣ ሁለቴ 1,215፣ ሦስቴ ሲቀነስ 1,094 ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግድ ከሚለው 1,100 ጋር እኩል ማለት ይቻላል። አምስትን የመረጥኩት ለዚህም ነው። በስድስት በመቶ ብንጀምር ኖሮ ጣሪያው ከፍ ይልና ሂሳቡ ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው የሚያስጠነቅቀን። የዋጋ ንረት ካየለ ደግሞ 1,100ውም ራሱ እየተወደደ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚረዳችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይስተካከላል። ለ2023 በ8.7 በመቶ መጨመሩን ታስታውሳላችሁ። ከገቢያችሁ ሁለት ሦስተኛው በዚህ መንገድ የተጠበቀ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ከቁጠባው ብቻ የሚኖር ሰው ቢጠይቀኝ አምስትን አልነግረውም ነበር።

ቦንድም ሁልጊዜ አይደርስም። በ2022 አክሲዮኑ በ18 በመቶ ሲወድቅ ቦንዱም በ13 በመቶ ወደቀ። ለዚህ መድኃኒቱ የአንድ ዓመት ወጪን፣ 18,000 ዶላር ያህሉን፣ በማይዋዥቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። እዚያው ሂሳብ ውስጥ መኒ ማርኬት የሚባለው ይሆናል። ወርሃዊው 1,500 ከዚያ ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ መኒ ማርኬቱን መልሳችሁ የምትሞሉት ያን ዓመት የተሻለ ከሆነው ላይ ሸጣችሁ ነው። አክሲዮን ከወጣ ከአክሲዮን፣ ቦንድ ከተሻለ ከቦንድ። ሁለቱም ከወደቁ እንደ 2022 ጥቂት ወር መታገስ ይቻላል፤ ገንዘቡ በእጅ አለና። ይህ ገንዘብ ከአጠቃላዩ ውስጥ ነው የሚቆጠረው፤ ተጨማሪ ቁጠባ አይደለም።

ከሚያስፈልጋችሁ 1,700 ውስጥ ቁጠባው የሚሰጠው 1,500 ነውና 200 ጎደለ። እዚህ ላይ ባለቤትዎ ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ቢሠሩ ይሞላል። ወይም ሁለተኛ መኪና ካለ ይሸጥ። መድኑና ነዳጁ ብቻ 200ን ሊሸፍን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ላይ የሚገኝ ትንሽ ገቢ ከኋላ ዘመኑ ትልቅ ገቢ ይበልጣል፤ ክፉ ቅደም ተከተል የሚጎዳው እነዚያን ዓመታት ነውና።

ስለ ግብሩ ብዙ አትጨነቁ። ከ401ኬ የሚወጣው እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፣ እውነት ነው። ግን 18,000 ከሶሻል ሴኩሪቲያችሁ ጋር ሲደመር፣ ሌላ ገቢ ከሌላችሁና አብራችሁ ካስገባችሁ፣ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈቀደው ቅናሽ ስለሚበልጠው የፌዴራሉ ግብር ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ቨርጂኒያም ሶሻል ሴኩሪቲን አትቀርጥም። ድርጅቱ ግን ካልነገራችሁት ግብር ቀንሶ ሊልክ ይችላልና ቅጹን ስትሞሉ የሚቀነሰውን መጠን ራሳችሁ ምረጡ። የሚያስቸግረው በአንድ ጊዜ ብዙ ማውጣት ነው። «አዲስ አበባ ቤት እንግዛ» ብላችሁ በአንድ ዓመት 60,000 ብትስቡ የነበረው ዜሮ ብዙ ሺህ ዶላር ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲያችሁም እስከ 85 በመቶው ድረስ ግብር ውስጥ ይገባል። የቀረው 300,000ም በአምስት በመቶ 1,250 ብቻ ነው የሚሰጠው።

እንዲህ ያለው ትልቅ ወጪ ግልጽ ነው፤ ማንም ያየዋል። እኔ እንዳየሁት ሰዎችን የሚያሰናክለው ትንሹ ነው። ለቅሶ ደረሰና ሁለት ትኬት ተቆረጠ። የእህት ልጅ አገባች። የቤቱ ማሞቂያ ተበላሸ። እያንዳንዱ «ይቺ ለአንዴ ናት» ተብሎ ከ401ኬው ይወጣል። በዓመት መጨረሻ ሲደመር 5 በመቶ ያሉት 7.5 ሆኖ ይገኛል። ማንም ሰው ደንቡን አልሰበረም፣ ግን ተሰብሯል። መፍትሔው እነዚህንም ከ18,000ው ውስጥ መቁጠር ነው። ዘንድሮ 3,000 ለትኬት ከወጣ ለቀሩት ወራት ወርሃዊው ይቀንሳል። ሂሳቡ የሚጠቅመው ከቁጠባው የወጣ ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ሲቆጠር ብቻ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ባለቤትዎ ስምንት በመቶውን ሲያስቡ ሁለታችሁም አብራችሁ እንደምትኖሩ ነው የሚያስቡት። አንዳችሁ ስትቀሩ ግን ትልቁ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀራል፣ ትንሹ ይቆማል። እርስዎ ቢቀሩ የእሳቸውን 1,950 ይወስዳሉ፤ የእርስዎ 1,250 ይቆማል። ወጪው ግን በግማሽ አይቀንስም። የቤቱ ግብር፣ ማሞቂያው፣ መድኑ ለአንድ ሰውም ያው ነው። ስለዚህ ቁጠባው ሥራው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ 65 ከሆኑ እስከ 95 ማሰብ ግድ ነው። ክፋት አያስቡብኝ፤ ይህን ለባለቤትዎ ከመቶኛ ስሌት ይልቅ በዚህ መንገድ ቢያስረዷቸው ይሻላል። «ስምንት ብናወጣ ገንዘቡ የሚያልቀው በእኔ ላይ ነው» ማለት ነው። በተጨማሪ 401ኬው ላይ ወራሽ ተብሎ የተጻፈው ስም የእርስዎ መሆኑን በዚያው ስልክ ያረጋግጡ።

ባለቤትዎ 73 ሲሞላቸው መንግሥት ከሂሳቡ በየዓመቱ የግድ የተወሰነ አውጡ ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ሂሳቡን ለ26.5 ማካፈል ነው፤ ከ4 በመቶ ትንሽ ያንሳል። እናንተ በዚያ ጊዜ ከዚያ በላይ እያወጣችሁ ስለምትሆኑ የሚለወጥ ነገር የለም። ቢለወጥም ማውጣት ማለት መብላት አይደለም። የተረፈውን ወደ ተራ የኢንቨስትመንት ሂሳብ ማዛወር ይቻላል። በፖስታ ሲመጣ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

ስልኩን ከደወሉ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ስቶክ ፈንዱ በሙሉ አክሲዮን ከሆነ ግማሹን ወደ ቦንድና መኒ ማርኬት አዙሩት። 401ኬ ውስጥ ሆኖ መቀያየሩ ግብር የለውም። ከዚያ በየወሩ 1 ቀን 1,500 ወደ ባንካችሁ እንዲገባ እዘዙ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ መነሻ 5፣ ጣሪያ 6፣ ወለል 4። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ዲሴምበር 31 ላይ ያለውን ሂሳብ ጥር መጀመሪያ ላይ ተመልከቱና በዚያ ወረቀት ጀርባ ቁጥሩን አስፍሩ። በመካከሉ ባለቤትዎ በየቀኑ ስልካቸው ላይ ገበያውን ቢያዩ አይከልክሏቸው፤ ወርሃዊው ግን የሚለወጠው በጥር ብቻ ነው።